በትርፍ ክፍል ልብስ ስፌት ወይም ፀጉር ሥራ፦ የቤት መድኑ እስከ የት ይሸፍናል?

ለዓመታት የካሳ ጥያቄ ማጣራት ሥራዬ ነበር። ከሌላው ሁሉ የከበደኝ፣ አረቦኑን ሳያጓድል የከፈለ ሰው ፊት ቆሜ «ይህ በውልዎ ውስጥ የለም» ማለት ነበር። ከቤታቸው አንዱን ክፍል ለስፌት ወይም ለፀጉር ሥራ ያዋሉ ሰዎች ላይ ይህ ደጋግሞ ይደርሳል። ከዚህ በታች ያሉት፣ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ሲጠየቁ የሰማኋቸውና ቀደም ብለው ቢጠየቁ ብዙ ሰው ያድኑ የነበሩ ጥያቄዎች ናቸው። የውል ቃላት ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያዩ መልሶቹን የራስዎን ፖሊሲ ከፊትዎ አድርገው ያንብቧቸው።

ቤቱም ዕቃውም መድን አለው። ታዲያ አንዱን ክፍል ለሥራ መጠቀሜ ምን ይለውጣል?

የቤት መድን የሚዋዋለው «ለመኖሪያነት ብቻ» በሚል መነሻ ነው። አረቦኑም የሚሰላው በዚሁ ግምት ነው፤ ቤተሰብ ይኖርበታል፣ ምግብ ይበስልበታል፣ አልፎ አልፎ እንግዳ ይመጣበታል። ቀኑን ሙሉ የጋለ ካውያ፣ ክምር ጨርቅ፣ በቀን ስምንት ደንበኛ፣ በመደርደሪያ የተደረደረ የፀጉር ቀለም በዚያ ስሌት ውስጥ አልገቡም።

ለውጡ በሦስት ቦታ ይታያል። አንደኛው የቤት ዕቃ የሚለው ትርጉም ነው። ብዙ ፖሊሲዎች ለንግድ ሥራ የሚውል ዕቃን ከቤት ዕቃ ያወጡታል፣ ወይም በትንሽ ጣሪያ ይገድቡታል። ሁለተኛው የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ክፍል ነው፤ «ከማንኛውም ሙያ ወይም ንግድ የመነጨ ኃላፊነትን አይጨምርም» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ እዚያ ይገኛል። ሦስተኛው ስርቆት ነው። ደንበኛ የሚገባበት ቤት ከሆነ፣ ብዙ ውሎች ለስርቆት የሚከፍሉት በር ተሰብሮ ወይም መስኮት ተፈልቅቆ ሲገባ ብቻ ነው። ለልብስ ልኬት መጥቶ የእጅ ሰዓት ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ የሄደ ሰው በር አልሰበረም።

ለመድን ድርጅቱ ካልተናገርኩ ምን ይመጣብኛል? ክፍሉ የራሴ ነው።

ክፍሉ የእርስዎ ነው፤ ሥጋቱን ግን የተሸከመው ሌላ ወገን ነው። የመድን ውል መድን ገቢው የሚያውቀውንና የመድን ሰጪውን ውሳኔ ሊለውጥ የሚችለውን ነገር ሁሉ እንዲናገር ያስገድዳል። ግዴታው ውሉ በተፈረመበት ቀን አያበቃም። በመሀል ሁኔታው ሲቀየር፣ በየዓመቱ ውሉ ሲታደስም ይጠየቃል።

ሆን ተብሎ የተደበቀና ባለማወቅ የቀረ በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። በብዙ አገሮች ሕግ ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል፤ ያኔ የተቃጠለው ሳሎኑም ቢሆን ካሳ አያገኝም። ባለማወቅ ያልተናገረ ሰው ደግሞ ካሳው በተመጣጣኝ ይቀነስበታል። አረቦኑ ሥራው ቢታወቅ 10 ሊሆን ይገባው ነበር፣ የተከፈለው 8 ነው እንበል። ያኔ ከሚገባው ካሳ አሥር እጅ ስምንቱ ብቻ ይከፈላል።

«ማን ያውቃል?» የሚሉ ነበሩ። አጣሪ ወደ ተቃጠለ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ወለሉን ነው። የቀለጠ የስፌት መኪና አካልና የተረፈ የጨርቅ ጥቅል ሥራውን ራሳቸው ይናገራሉ።

አንድ ጉዳይ ከነቁጥሩ ሊያሳዩን ይችላሉ?

አንዲት ልብስ ሰፊ እንውሰድ። ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የጠርዝ ማጠናቀቂያ መኪና አላት። የሰርግ ወቅት ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ተሰፍተው ያለቁና ገና በመሠራት ላይ ያሉ የደንበኞች ልብሶች ተሰቅለዋል። ማታ ካውያውን ሳታጠፋ ለልጇ እራት ለማቅረብ ወጣች። ክፍሉ ተቃጠለ፤ ጭሱም ወደ ሳሎን ገባ።

ጉዳቱን በሺህ ቆጥረን እንለየው፤ ገንዘቡ የየትኛውም አገር ሊሆን ይችላል። ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ በርና መስኮት ለማደስ 90። ጭስ ያበላሸው የሳሎን ዕቃ 40። መኪኖቹና ካውያው 60። የራሷ ጨርቅ፣ ክርና ቁልፍ 25። የደንበኞች ልብስ 70። በድምሩ 285 ሺህ።

ሥራውን አሳውቃ መድን ድርጅቱም ተቀብሎ፣ ግን ምንም ተጨማሪ ሽፋን ካልገዛች፣ የሚከፈላት የቤቱና የሳሎን ዕቃው 130 ነው፤ ከዚህም ላይ በውሉ የተቀመጠው የራሷ ድርሻ ይቀነሳል። የቀረው 155 የእሷ ዕዳ ይሆናል። ከጠቅላላው ጉዳት ከግማሽ በላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሥራውን ባለማወቅ ሳትናገር ቀርታ ከሆነ፣ ቀደም ባለው 8 ለ10 ስሌት 130ው ወደ 104 ይወርዳል። ሆን ብላ ደብቃ ከሆነ ደግሞ ምንም ላታገኝ ትችላለች።

ሥራዋ የቆመበት ጊዜ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ክፍሉ ታድሶ መኪኖቹ እስኪተኩ የምታጣው ገቢ በቤት መድን አይካስም። ለእሱ የንግድ መቋረጥ የሚባል ሌላ ሽፋን አለ።

የደንበኞቼ ልብስስ? እኔ ቤት ነው የተቃጠለው።

ስለ ልብስ ስፌት ከተነሳ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ጥያቄ ነው፤ በቂ ትኩረት ሲሰጠው አላየሁም። ሰዎች ስለ ስፌት መኪናቸው ይጨነቃሉ። ክፍሉ ውስጥ ካለው ንብረት ግን ትልቁ ድርሻ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

የደንበኛ ልብስ የእርስዎ ንብረት ስላልሆነ የቤት ዕቃ ሽፋን ውስጥ አይገባም። የኃላፊነት ክፍሉም አያድንዎትም፤ «በመድን ገቢው ጥበቃ ሥር ያለ የሌላ ሰው ንብረት» ብዙውን ጊዜ ከዚያ በግልጽ ተነጥሎ ይወጣል። ስለዚህ ስሙ ተጠርቶ መግባት አለበት፦ በአደራ የተያዘ የደንበኛ ንብረት የሚል ሽፋን ይጠይቁ።

ሽፋኑን ሲገዙ የሚሰጡት የገንዘብ መጠን ደግሞ ወሳኝ ነው። ከላይ ያየናት ሴት ሽፋኑን ገዝታ ነበር እንበል። ውሉን የገባችው ሥራ በቀዘቀዘበት ወር ስለነበር 40 ሺህ ብላ አስመዘገበች። እሳቱ በተነሳበት ቀን ግን በክፍሉ ውስጥ 100 ሺህ የሚያወጣ የደንበኛ ልብስ ነበር፤ ከእሱ 70ው ተቃጠለ። ብዙ ሰው «ቢያንስ 40ውን አገኛለሁ» ይላል። የተመጣጣኝነት አንቀጽ ያለበት ውል ግን እንዲህ አይሠራም። የተመዘገበው ከነበረው አርባ በመቶ ስለሆነ፣ የሚከፈለውም ከጉዳቱ አርባ በመቶ ነው፦ 28 ሺህ። 42 ሺህ ከኪሷ ይወጣል።

ስለዚህ የሚመዘገበው መጠን የአማካይ ወር ሳይሆን ክፍሉ ከሁሉ በላይ በሚሞላበት ሳምንት ያለው ዋጋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያላለቀ ልብስ የሚገመተው ባለቀ ልብስ ዋጋ አይደለም። ደንበኛዋ ያመጣችው ጨርቅ የእሷ ነው፤ እስካሁን ያፈሰሱት የእጅ ሥራ የእርስዎ ነው። የሥራ ዋጋው እንዲካስ ከፈለጉ ውሉ ያንንም ማንሳቱን አስቀድመው ይጠይቁ።

በካውያ ያቃጠልኩትን ቀሚስ ይከፍሉልኛል?

በአደራ ሽፋን ውስጥ እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍሉም። እየተሠራበት ያለ ዕቃ በራሱ በሥራው ሂደት ቢጎዳ ከሽፋኑ ይወጣል። ቤት ሲቃጠል አብሮ የተቃጠለው ቀሚስ አንድ ነገር ነው፤ ሲተኮስ ያረረው ቀሚስ ሌላ ነው። በተሳሳተ ልኬት የተቆረጠ ጨርቅም እንዲሁ። የሥራ ጥራት ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የመድን ጉዳይ አይደለም፤ የሙያው የራሱ ኪሳራ ነው።

ምን ዓይነት ማስረጃ መያዝ አለብኝ?

ልብስ ሲረከቡ በደብተር የሚጻፍ አንድ መስመር ይበቃል፦ ቀን፣ የደንበኛዋ መጠሪያ፣ የልብሱ ዓይነት፣ ደንበኛዋ ራሷ የነገረችዎ ዋጋ። አጠገቡ የእሷ ፊርማ ቢኖር የበለጠ ይጠቅማል፤ ከእሳቱ በኋላ ዋጋው በድንገት እንዳያድግ እርስዎንም ይጠብቅዎታል።

ደብተሩ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ከልብሱ ጋር ይቃጠላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በየሳምንቱ መጨረሻ ገጾቹንና የተሰቀሉትን ልብሶች በስልክ ፎቶ አንሥተው ለሚያምኑት ሰው ይላኩ ወይም በኢሜይል ያስቀምጡ። የመኪኖቹን መለያ ቁጥርና የግዢ ደረሰኝም አብረው ያንሱ።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ የሰው ንብረት አልይዝም። የእኔ ችግር የት ላይ ነው?

የእርስዎ ችግር የሰው አካል ላይ ነው። እዚህ ሁለት ዓይነት ኃላፊነት መለየት ያስፈልጋል። ደንበኛዋ እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራትታ ክንዷ ቢሰበር፣ ይህ የሕዝብ ኃላፊነት የሚባለው ነው። በፀጉሯ ላይ ከቀባችሁት ነገር የተነሣ ፊቷ ቢያብጥ ወይም የራስ ቆዳዋ ቢቃጠል ግን የሙያ አገልግሎት ጉዳት ነው። የመጀመሪያውን የሚሸፍን ውል ሁለተኛውን ላይሸፍን ይችላል። የቤት መድኑማ ሁለቱንም በንግድ ምክንያት ሊያስወጣ ይችላል። ሽፋን ሲጠይቁ ስለዚህ የምትሰጧቸውን አገልግሎቶች በስማቸው ይዘርዝሩ፦ መቁረጥ፣ ሹሩባ፣ ማቅለም፣ በኬሚካል ማለስለስ። «ፀጉር ሥራ» ብለው ብቻ ካለፉ፣ ማለስለሻው ውስጥ መግባት አለመግባቱ የሚታወቀው ከጉዳቱ በኋላ ነው።

የቀለም ምርመራ የሚሉት ለምን ነው? ደንበኛዬ ለዓመታት ትቀባለች።

ለዓመታት መቀባቷ ዋስትና አይሆንም። በብዙ ጥቁር ቀለሞች ውስጥ ፓራፌኒሊንዳያሚን የሚባል ውህድ አለ። ሰውነት ከዚህ ውህድ ጋር ደጋግሞ ሲገናኝ አለርጂ ሊያዳብር ይችላል። አሥር ጊዜ በሰላም የቀባች ሴት በአሥራ አንደኛው ዓይኖቿ እስኪጨፈኑ ልታብጥ ትችላለች። ምልክቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ «ደስ ብሏት ነው የሄደችው» የሚለው መከላከያ አይሆንም።

ምርመራው ቀላል ነው። ትንሽ ቀለም ከጆሮ ጀርባ ወይም ከክርን ውስጠኛ ክፍል ይቀባል፤ ቀለሙ የሚቀመጥበት ጊዜና አቀባቡ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት ይሆናል። ከዚያ 48 ሰዓት ይጠበቃል። ማሳከክ፣ መቅላት ወይም ማበጥ ካለ ቀለሙ አይቀባም። የሙያ ሽፋን የሚሰጡ ብዙ ድርጅቶች ይህን የውሉ ቅድመ ሁኔታ ያደርጉታል፤ ካልተደረገ ካሳውን ሊከለክሉ ይችላሉ።

መደረጉ ደግሞ ካልተጻፈ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። በካርድ ላይ የምርመራው ቀን፣ የቀለሙ ስምና ቁጥር፣ ውጤቱና የደንበኛዋ ፊርማ ይስፈር። የቀለሙ ዓይነት ሲቀየር ምርመራው እንደገና ይጀመራል። ደንበኛ ቸኩላ «ይቅርብኝ» ብትል፣ ይቅርብኝ ብላ መፈረሟ ከመድን ቅድመ ሁኔታው ነፃ አያወጣዎትም። ያን ቀን ማቅለሙ ይቅር።

ደንበኛዋ ተጎዳሁ ብላ ብትመጣ ምን ልበል?

መጀመሪያ ወደ ሐኪም ትሂድ። በዚያኑ ቀን ለመድን ድርጅቱ ያሳውቁ፤ ክስ እስኪመጣ አይጠብቁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው አይጻፉ፣ የካሳ ክፍያም ቃል አይግቡ፤ ብዙ ውሎች ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ኃላፊነትን ማመንን ይከለክላሉ። ማዘን፣ መጠየቅና አብሮ ሐኪም ቤት መሄድ ግን ጥፋት ማመን አይደለም። ከፍርሃት የተነሣ የታመመች ደንበኛቸውን ስልክ ያላነሡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት የሄደው ከእብጠቱ ይልቅ በዚያ ዝምታ ነበር።

የተጠቀሙበትን የቀለም ቱቦና ማሸጊያ አይጣሉ። ጉድለቱ የምርቱ ከሆነ፣ የምርት ቁጥሩ የሚገኘው እሱ ላይ ነው።

መድን ድርጅቱ እሳትን በተመለከተ ምን ሊጠይቀኝ ይችላል?

ከሁሉ በፊት የኤሌክትሪክ ጭነቱን። 2000 ዋት የፀጉር ማድረቂያ በ220 ቮልት ላይ 9 አምፔር ያህል ይወስዳል። ሁለት ማድረቂያ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰካ 18 አምፔር ይሆናል፤ ማከፋፈያው 10 ወይም 16 አምፔር ተብሎ የተሠራ ከሆነ ገመዱ ይግላል። መሰኪያውን በእጅ ሲነኩት የሚሞቅ፣ ወይም ፕላስቲኩ ቡናማ ወደ መሆን ያደላ ከሆነ ምልክቱ ደርሷል። ካውያም እንደ ማድረቂያ ከባድ ጭነት ነው፤ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ይሰካ።

ለፀጉር ሠሪዎች ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። ዘይት የነካው ፎጣ ታጥቦም ቅባቱ ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል። በማሽን ደርቆ ገና ትኩስ ሳለ ከተቆለለ፣ ዘይቱ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱ በክምሩ መሀል ይታፈንና ያለ ምንም ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ፎጣዎቹን ዘርግተው ካቀዘቀዙ በኋላ ብቻ ይደርድሩ። ፐርኦክሳይድ ያለበትን ፈሳሽም ከፎጣና ከወረቀት አርቀው፣ በራሱ ዕቃ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ።

ለድርጅቱ እንዴት ልጻፍ?

አጭርና ቀጥተኛ ይሁን። ይህን መነሻ ማድረግ ይችላሉ፦

«ከዚህ ወር ጀምሮ በመኖሪያ ቤቴ አንድ ክፍል የልብስ ስፌት እሠራለሁ። በሳምንት ወደ 15 ደንበኞች ይመጣሉ። ሦስት መኪናና አንድ ካውያ አለኝ። ሥራ በሚበዛበት ጊዜ በክፍሉ የሚቀመጠው የደንበኞች ልብስ እስከዚህ ያህል ያወጣል። ተቀጣሪ የለኝም። ይህን መቀበላችሁን፣ ስለ ዕቃው፣ ስለ ደንበኞች ንብረት፣ ስለ ሦስተኛ ወገን ኃላፊነትና ስለ ስርቆት ውሌ ምን እንደሚል በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።»

ወኪሉ በስልክ «ችግር የለውም» ቢልዎት አይበቃም። የሚያስፈልግዎ ከፖሊሲው ጋር የሚያያዝ የማሻሻያ ሰነድ ነው። ሲደርስዎ ደግሞ ያንብቡት። «የንግድ ሥራው ታውቋል» የሚል ሰነድ ውልዎ እንዳይፈርስ ይረዳል እንጂ የመኪኖቹንና የደንበኞችን ልብስ ዋጋ አይከፍልም። «ታውቋል» እና «ተሸፍኗል» የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ይህን ልዩነት ሳያዩ ፋይል ውስጥ የከተቱት ብዙ ናቸው።

የቤት መድኑ ሊሰፋ አይችልም ከተባሉ፣ የቤቱን ውል ባለበት ትተው ለሥራው ብቻ የተለየ የአነስተኛ ንግድ መድን ይገዛል። ያኔ ሁለቱም ድርጅቶች አንዱ ስለሌላው እንዲያውቁ ያድርጉ።

የምኖረው በኪራይ ቤት ነው።

ግድግዳውና ጣሪያው በባለቤቱ መድን ሥር ነው፤ የእርስዎ ሥራ የእሱን ውል ሊያበላሽበት ይችላል። ፈቃዱን በጽሑፍ ያግኙ፣ ለመድን ሰጪው ማሳወቁንም ይጠይቁት። በእርስዎ ጥፋት ቤቱ ቢቃጠል፣ የባለቤቱ መድን ሰጪ ከፍሎት ሲያበቃ ገንዘቡን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። ተከራይ ለቤቱ ያለበትን ኃላፊነት የሚሸፍን ውል መኖሩን ይጠይቁ።

የእህቴ ልጅ ታግዘኛለች። ተቀጣሪ ናት?

ደመወዝ ባትቀበልም እንኳ በእርስዎ ትእዛዝ የምትሠራ ከሆነ ልትባል ትችላለች። ጣቷን መርፌ ቢወጋት ወይም ኬሚካል ዓይኗ ውስጥ ቢገባ፣ የሕዝብ ኃላፊነት ሽፋን ለሠራተኛ አይሠራም። የአሠሪ ኃላፊነት የሚባለውን ሽፋን በስሙ ይጠይቁ።

ሥራውን ካቆምኩ በኋላስ?

ማቆምዎን አሳውቀው አረቦኑ እንዲስተካከል ይጠይቁ። የምርመራ ካርዶችንና የርክክብ ደብተሩን ግን አይጣሉ፤ ባለፈው ዓመት የተቀባች ደንበኛ ዘንድሮ ልትከስ ትችላለች። የሙያ ሽፋኑንም ከማቋረጥዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ውሉ የሚከፍለው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ለነበረ ሽፋን ነው ወይስ ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ላለ? ሁለተኛው ከሆነ፣ ውሉ ባበቃ ማግስት ለሚመጣ ጥያቄ የሚያገለግል የማራዘሚያ ጊዜ መግዛት ያስፈልግዎታል።